ከ«ዲር ሰር» ወዲህ፦ የመደበኛ ደብዳቤ መክፈቻ ሰላምታ በዴንቨርና በአውሮራ

በዴንቨር ወይም በአጎራባቿ አውሮራ የሚኖር ኢትዮጵያዊ በእንግሊዝኛ መደበኛ ደብዳቤ ሲጽፍ አስቀድሞ የሚገጥመው ጥያቄ ተቀባዩን በምን ይጥራው የሚለው ነው። በአማርኛ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይህ ችግር እምብዛም የለም። «ለ» ተብሎ የተቀባዩ መሥሪያ ቤት ከተጻፈ በኋላ «ጉዳዩ፦» ተብሎ ወደ ፍሬ ነገሩ ይገባል። «ውድ» ለወዳጅና ለዘመድ የሚቀር ቃል ነው። የእንግሊዝኛው «ዲር» ግን ለማያውቁት ሰውም ይጻፋል፤ ልማድ እንጂ የቅርበት መግለጫ አይደለም።

ቀድሞ የተለመደው «ዲር ሰር» አንባቢው ወንድ ነው ብሎ ይነሣል። «ዲር ሰር ኦር ማዳም» ሴትን ቢጨምርም ዛሬ ያረጀ አነጋገር ይመስላል። ስለዚህ ስሙ ያልታወቀን ተቀባይ በሥራ ድርሻው መጥራት ይሻላል፤ ለሥራ ማመልከቻ «ዲር ሃየሪንግ ማኔጀር» ይባላል። «ቱ ሁም ኢት ሜይ ኮንሰርን» የሚስማማው ደብዳቤው ማን እጅ እንደሚገባ በማይታወቅበት ጊዜ ነው፤ ለምሳሌ አሠሪ ለሠራተኛው ለልዩ ልዩ ጉዳይ የሚሰጠው የሥራ ማስረጃ።

ስሙ ሲታወቅ ደግሞ ሌላ ስሕተት ይመጣል። እኛ «አቶ» እና «ወይዘሮ»ን ከራስ ስም ጋር እናያይዛለን፤ አሜሪካውያን ግን ማዕረጉን የሚያያይዙት ከቤተሰብ ስም ጋር ነው። ሜሪ ጆንሰን ለምትባል ኃላፊ «ዲር ሚዝ ጆንሰን» እንጂ «ዲር ሚዝ ሜሪ» አይጻፍም። «ሚዝ» ያገባችውንም ያላገባችውንም ስለሚይዝ እንደ «ወይዘሮ» እና «ወይዘሪት» ምርጫ አያስጨንቅም። ከስሙ ጾታው ካልተለየ ማዕረጉን ትቶ ሙሉ ስሙን መጻፍ ይበቃል። በተቃራኒው ሰላማዊት ታደሰ ለምትባል ኢትዮጵያዊት «ዲር ሚዝ ታደሰ» የሚል ደብዳቤ ቢደርሳት፣ የተጠራችው በአባቷ ስም ቢሆንም በአገሩ ደንብ ስሕተት የለበትም።

በዴንቨርና በአውሮራ የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤቶች ጉዳይ ላለው ሰው የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍ ጎረቤት ወይም የቤተ ክርስቲያን አባል አንባቢው ዳኛ መሆኑን አስቀድሞ ያውቃል። ስለዚህ «ቱ ሁም ኢት ሜይ ኮንሰርን» ከማለት ይልቅ «ዲር ኦነረብል ኢሚግሬሽን ጃጅ» ቢል ይስማማል። ይህ አጠራር ዳኛው ቢቀየርም ትክክል ሆኖ ይቆያል። ደብዳቤው በአማርኛ ከተጻፈ «ክቡር» ለወንድ፣ «ክብርት» ለሴት ስለሆኑ፣ ሁለቱንም የሚይዘው «የተከበሩ ዳኛ» ይመረጣል። ለፍርድ ቤቱ ሲቀርብ ግን የእንግሊዝኛ ትርጉምና የተርጓሚው ማረጋገጫ ሊያያዝበት ይገባል።

በመጨረሻም፣ በአሜሪካ የመደበኛ ደብዳቤ ሰላምታ በሁለት ነጥብ (:) ይዘጋል፤ ነጠላ ሰረዝ (,) ለወዳጅ ደብዳቤ ነው።