እያተረፈ ገንዘብ የሚያልቅበት ሥራ፦ የትርፍ ትንበያና የጥሬ ገንዘብ ፍሰት ትንበያ ልዩነት

የትርፍ ትንበያ ሽያጭን የሚመዘግበው ዕቃው በተሸጠበት ወር ነው፤ ገዢው ከፈለም አልከፈለም። የጥሬ ገንዘብ ፍሰት ትንበያ ግን ገንዘቡ እጅ የሚገባበትንና ከእጅ የሚወጣበትን ጊዜ ብቻ ይመለከታል። አንድ ሥራ በመጀመሪያው አትራፊ፣ በሁለተኛው ባዶ ካዝና ሆኖ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ምሳሌ

በ150,000 ብር የተማሪዎች ዩኒፎርም መስፋት የጀመረ ሰው እንውሰድ። አንዱን ዩኒፎርም ለትምህርት ቤቶች በ1,000 ብር ይሸጣል። ለጨርቅና ለስፌት 700 ብር ያወጣል፤ የቤት ኪራዩ በወር 20,000 ብር ነው። ወጪውን ሁሉ በዚያው ወር ይከፍላል፤ ትምህርት ቤቶቹ ግን የሚከፍሉት ከሁለት ወር በኋላ ነው። በግንቦት 100፣ በሰኔ 200፣ በሐምሌ 300 ዩኒፎርም ያስረክባል።

በትርፍ ትንበያው ግንቦት 10,000፣ ሰኔ 40,000፣ ሐምሌ 70,000፣ በድምሩ 120,000 ብር ያተርፋል። ገንዘቡን ብንከተል ግን ሌላ ነገር እናያለን። በግንቦት 90,000 ብር ስለሚያወጣ 60,000 ይቀረዋል። በሰኔ 160,000 ብር ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ 100,000 ይጎድለዋል። በሐምሌ የግንቦቱ 100,000 ብር ቢገባም 230,000 ስለሚወጣ ጉድለቱ 230,000 ይደርሳል። ትዕዛዙ በጨመረ ቁጥር ጉድለቱም ያድጋል፤ ሰውየው የሚቸገረው ገበያው በደራበት ወር ነው።

በነሐሴና በመስከረም አዲስ ሥራ ባይኖርም ዕዳው ተሰብስቦ፣ ኪራይ ተከፍሎ በመጨረሻ 230,000 ብር በእጁ ይኖራል። ትርፉ እውነት ነበር፤ ግን ሰኔን የሚያሻግረው ገንዘብ አልነበረም።

መፍትሔው የት ነው?

ይኸው ሰው ዋጋውን ሳይቀይር ግማሹን ክፍያ ዕቃውን ባስረከበበት ወር ቢቀበል፣ በየወሩ መጨረሻ 110,000፣ 50,000፣ 20,000 ብር ይቀረዋል። ትርፉ ያው ነው፤ ካዝናው ግን አይራቆትም።

ከወለድ ብድር ለሚርቅ ነጋዴ ይህ በተለይ ቀድሞ መታየት አለበት። በሙራባሓ ባንኩ ዕቃ ገዝቶ በትርፍ ይሸጥለታል እንጂ ለደመወዝና ለኪራይ የሚሆን ጥሬ ገንዘብ አይሰጠውም። ጨርቁ በዚህ መንገድ ሊገኝ ይችላል፤ የሰፊዎቹ ክፍያ ግን ከራሱ ካዝና ይወጣል።

ሌላው የልዩነት ምንጭ

በ120,000 ብር ተገዝቶ 5 ዓመት የሚያገለግል የስፌት መኪና በትርፍ ትንበያ ላይ በየወሩ 2,000 ብር ወጪ ሆኖ ይታያል፤ ከካዝና ግን በአንድ ቀን 120,000 ብር ይወጣል። ባለቤቱ ለቤቱ አስቤዛ የሚወስደው ገንዘብም ከሥራው ወጪ ውስጥ ስለማይቆጠር ትርፉን አይቀንስም፤ ካዝናውን ግን ይቀንሳል።

ስለዚህ ዕቅድ ሲያዘጋጁ የዓመቱን ድምር ብቻ አይመልከቱ። በየወሩ መጨረሻ የሚቀረውን ገንዘብ ጽፈው ትንሹን ቁጥር ይፈልጉ። ከዜሮ በታች ከሆነ፣ ትዕዛዙን ከመቀበልዎ በፊት የሚነጋገሩት ስለ ዋጋው ብቻ ሳይሆን ስለ ክፍያው ቀንም ነው።