በክርስትና ዕለት ቤተሰብ የሚያነበው የምርቃት ግጥም

በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ወንድ ሕፃን በ40፣ ሴት ሕፃን በ80 ቀን ይጠመቃሉ፤ ይህም አዳምና ሔዋን ገነት የገቡባቸውን ቀናት ያስባል። ቀጥሎ ያለውን ምርቃት ያዘጋጀነው ለሴት ሕፃን ነው። የሥርዓተ ጥምቀቱ ጸሎት ስላልሆነ፣ ሕፃኗ ቆርባ ቤት ስትገባ፣ ካህኑ ከባረኩ በኋላ ይነበባል፤ ቤተሰቡም በየሁለቱ ስንኝ «አሜን» ይላል። በ«ወለተ ማርያም» ምትክ ካህኑ ያወጡላት ስም ይገባል። ለወንድ «በአርባኛው» ተብሎ አንቀጹ ሁሉ በወንድ ይነገራል።

በሰማንያኛው ቀን ከውኃ ከመንፈስ ተወልደሽ፣
ወለተ ማርያም ተባልሽ፣ በቅብዐ ሜሮን ከብረሽ።

ማዕተብሽ ከአንገትሽ፣ ሃይማኖትሽ ከልብሽ አይለይ፣
ዑቃቤ መልአክሽ ይጠብቅሽ፣ በረከት ይውረድ ከሰማይ።

እደጊ በጥበብ በጸጋ፣ ለእናት ለአባትሽ ደስታ፣
እስከ ፍጻሜ በቤቱ ያጽናሽ የሁላችን ጌታ።

አሜን።