ከማህበር ኮሚቴ በደብዳቤ መልቀቅ፤ መዝገቡንና ሒሳቡን ማስረከብ

በየከተማው ባሉት የማህበረሰባችን ማህበራት ውስጥ ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉ ብዙ ሰዎች አሉ። አንዱ ሲደክመው፣ ጤናው ሲጓደል ወይም ከሌሎቹ ጋር አልግባባ ሲል፣ በስብሰባው መካከል «ከዛሬ ጀምሮ እኔ የለሁበትም» ብሎ ይነሳና ወደ ቤቱ ይሄዳል። እሱ በልቡ ለቋል። ነገር ግን የቼክ ደብተሩ እቤቱ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ፊርማው ባንክ ቤት ነው፤ ስሙም በመንግሥት መዝገብ ላይ ነው። ከጊዜ በኋላ ስለ ማህበሩ ገንዘብ ጥያቄ ሲነሳ የሚጠራው እሱ ነው።

ስለዚህ መልቀቅ ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ አንደኛው የመልቀቂያ ደብዳቤ ነው፣ ሁለተኛው ሁለት ወገን የፈረመበት የርክክብ ወረቀት ነው። ከዚህ በታች የአንድ ማህበር ገንዘብ ያዥ፣ ማለትም ግዝባር፣ ሲለቅ ምን ማድረግ እንዳለበት በምሳሌ እናሳያለን። ምሳሌው 60 አባላት ያሉት፣ እያንዳንዱ አባል በወር 50 ሸቀል የሚያዋጣበት፣ ለሐዘንተኛ ቤተሰብ የሚረዳ ማህበር ነው።

ሕጉ ምን ይላል

በእስራኤል የተመዘገበ ማህበር፣ ዓሙታ የምንለው፣ የሚተዳደረው በ1980 በወጣው የዓሙታዎች ሕግ ነው። እያንዳንዱ ዓሙታ መተዳደሪያ ደንብ፣ ታካኖን፣ አለው። የራሱን ደንብ ያላወጣ ዓሙታ ከሕጉ ጋር ተያይዞ በወጣው የናሙና ደንብ ይሠራል። በናሙናው ደንብ መሠረት የኮሚቴ (የቫዓድ) አባል በማንኛውም ጊዜ ሊለቅ ይችላል፤ ይህን የሚያደርገው ግን ለኮሚቴው በጽሑፍ በማሳወቅ ነው። ፈቃድ መጠየቅ አያስፈልገውም፤ በቃል ብቻ መናገርም አይበቃም። የእርስዎ ዓሙታ የራሱ ደንብ ካለው ደብዳቤውን ከመጻፍዎ በፊት ስለ መልቀቅ የሚናገረውን ክፍል ያንብቡ። ዕብራይስጡ ከከበደዎ ልጅዎ ወይም የልጅ ልጅዎ ያንን ክፍል ብቻ እንዲያነብልዎ ያድርጉ።

አንድ አባል ሲለቅ የቀሩት የኮሚቴ አባላት ከማህበሩ አባላት መካከል ሌላ ሰው እስከሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ድረስ ሊተኩ ይችላሉ። ኮሚቴው ግን ከሁለት ሰው ማነስ የለበትም። ኮሚቴው ሁለት ሰው ብቻ ከሆነና አንደኛው እርስዎ ከሆኑ፣ መልቀቅዎን አስቀድመው ቢነግሯቸው ለሁሉም ይበጃል።

የሚለቁበትን ቀን መምረጥ

ገንዘብ ያዥ ዛሬ ጽፎ ዛሬ ቢወጣ ማህበሩ ይቸገራል። ብዙ ማህበራት ቼክ የሚያወጡት በሁለት ሰው ፊርማ ነው። አንዱ ፈራሚ ሲጎድልና ምትክ ሳይገባ ሲቀር፣ ሐዘን የደረሰበት ቤተሰብ ገንዘቡ በባንክ እያለ ሳይረዳ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ደብዳቤው በተሰጠበት ቀንና ሥራው በሚያበቃበት ቀን መካከል አንድ ወር ያህል ቢኖር መልካም ነው። የወር መጨረሻ ቢመረጥ ደግሞ ሒሳቡን ለመዝጋት ይቀላል። ጤና ወይም ከባድ ምክንያት ካለ ግን መጠበቅ ግዴታ አይደለም።

ደብዳቤው ከመድረሱ በፊት ሊቀመንበሩን በአካል ወይም በስልክ ማነጋገር የባህላችን ወግ ነው። ሰው ነገሩን ከወረቀት ቀድሞ ከአፍዎ ሲሰማ አይቀየምም።

ደብዳቤው

ደብዳቤው አጭር ይሁን። አራት ነገር ብቻ ይያዝ፤ ከየትኛው ኃላፊነት እንደሚለቁ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ምን እንደሚያስረክቡ፣ እና ከማህበሩ ምን እንደሚጠይቁ። ምክንያቱን መጻፍ ግዴታ አይደለም። ቅሬታ ካለዎት ደብዳቤው ውስጥ አያስገቡት። ደብዳቤው በማህበሩ ፋይል ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣል፤ በንዴት የተጻፈ ቃል ደግሞ እርስዎ ከረሱት በኋላም ይነበባል። ቅሬታውን በሽማግሌ ፊት ይናገሩት። ጥፋት አይቻለሁ የሚሉ ከሆነ ለተቆጣጣሪ ኮሚቴው፣ ማለትም ለቫዓዳት ቢኮሬት፣ በሌላ ወረቀት ይጻፉ።

ናሙናው እንዲህ ነው፤

ቀን፦ ማርች 2 ቀን 2025

ለማህበሩ ኮሚቴ ሊቀመንበር
ግልባጭ፦ ለተቆጣጣሪ ኮሚቴ

ጉዳዩ፦ ከኮሚቴ አባልነትና ከገንዘብ ያዥነት ስለመልቀቅ

የተከበሩ ሊቀመንበር፣

ከማርች 31 ቀን 2025 ጀምሮ ከማህበሩ ኮሚቴ አባልነትና ከገንዘብ ያዥነት የምለቅ መሆኔን አሳውቃለሁ። በማህበሩ አባልነቴ እቀጥላለሁ።

በእጄ ያሉትን የሒሳብ መዝገቦች፣ የደረሰኝና የቼክ ደብተሮች፣ የባንክ ወረቀቶችና ጥሬ ገንዘብ፣ ኮሚቴው ለሚመርጠው ሰው ከተቆጣጣሪ ኮሚቴ አንድ ሰው ባለበት ለማስረከብ ዝግጁ ነኝ። ለዚህም ማርች 23 ወይም 24 ምሽት ይመቸኛል።

ኮሚቴው መልቀቄን በቃለ ጉባኤ እንዲይዝልኝ፣ ስሜን ከባንክ ፈራሚነት እንዲያወጣልኝ፣ ለዓሙታዎች መዝጋቢም እንዲያሳውቅልኝ እጠይቃለሁ።

አብረን ስለሠራንበት ጊዜ አመሰግናለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
(ስምና ፊርማ)

በናሙናው ውስጥ «በማህበሩ አባልነቴ እቀጥላለሁ» የሚለውን ልብ ይበሉ። ይህ ካልተጻፈ አንዳንዱ ከማህበሩ ጭምር እንደወጡ ሊቆጥረው ይችላል። ከአባልነትም መውጣት ከፈለጉ ለይተው ይጻፉት። ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ አዘጋጅተው፣ በእርስዎ ቅጂ ላይ ተቀባዩ ስሙንና ቀኑን ጽፎ ይፈርምልዎ። አልቀበልም ካለ በፖስታ ቤት በተመዘገበ ደብዳቤ፣ በዶኣር ራሹም፣ ይላኩትና የፖስታ ቤቱን ወረቀት ይያዙ።

ሒሳቡን መዝጋት

ከርክክቡ በፊት ሦስት ነገሮች መስማማት አለባቸው፤ የባንኩ ወረቀት፣ በእጅ ያለው ጥሬ ገንዘብና የእርስዎ ደብተር። በምሳሌያችን የባንኩ ወረቀት ማርች 20 ቀን 18,420 ሸቀል አለ ይላል። ይህ ግን የማህበሩ ትክክለኛ ገንዘብ አይደለም። ለሐዘን ድንኳን ኪራይ የተጻፈ የ1,200 ሸቀል ቼክ ገና ከባንክ አልወጣም። በሌላ በኩል ከ13 አባላት የተሰበሰበ 650 ሸቀል በፖስታ ውስጥ ነው፤ ባንክ አልገባም። ከ18,420 ላይ 1,200 ሲቀነስ 17,220 ይሆናል፤ 650 ሲጨመር 17,870 ሸቀል ይመጣል። የማህበሩ ገንዘብ ይህ ነው።

የገንዘብ ያዡ ደብተር ግን 17,940 ይላል። 70 ሸቀል ይጎድላል ማለት ነው። ብዙ ጥሩ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ «ስሜ እንዳይነሳ» ብለው ከኪሳቸው ይሞሉታል። ይህን ማድረግ አይገባም። ከኪስ የተሞላ ገንዘብ ስህተቱን ይደብቀዋል፤ በኋላ ሲገኝም ማብራራት ይከብዳል። ይልቅ የባንኩን ወረቀት መስመር በመስመር ይመልከቱ። በምሳሌያችን ጉድለቱ የተገኘው ባንኩ ለአገልግሎቱ በቆረጠው ገንዘብ፣ በዓምላው ላይ ነው፤ ባንኩ በየወሩ ጥቂት ጥቂት ሲወስድ በደብተሩ አልተጻፈም ነበር። ሲደመር ልክ 70 ሸቀል ሆነ። ተጻፈና ደብተሩም 17,870 አለ።

ምክንያቱ ባይገኝስ? ያኔ በርክክቡ ወረቀት ላይ «70 ሸቀል ልዩነት አለ፤ ምክንያቱ አልታወቀም» ተብሎ ይጻፋል። እንዲህ በግልጽ የተጻፈ ልዩነት ለተቆጣጣሪዎች የሚመረመር ጉዳይ ነው፤ ተደብቆ የተገኘ ግን ጥርጣሬ ያመጣል።

ለማህበሩ ከኪስዎ ያወጡት ካለ ደግሞ ደረሰኙን ለኮሚቴው አቅርበው ይጠይቁ። በእጅዎ ካለው የማህበር ገንዘብ ራስዎ ቆርጠው አይውሰዱ።

ርክክቡ

ርክክቡ በሦስት ሰው ፊት ቢሆን ይመረጣል፤ አስረካቢ፣ ተረካቢና ከተቆጣጣሪ ኮሚቴ አንድ ሰው። ወረቀቱ ላይ «መዝገብ ተሰጠ» ብቻ ብሎ መጻፍ አይጠቅምም፤ እያንዳንዱ ነገር በቁጥር ይጻፍ። ለምሳሌ እንዲህ፤

የባንክ ወረቀቶች ከጃንዋሪ 2018 እስከ ማርች 2025፣ በ3 ፋይል።
የደረሰኝ ደብተር፣ መጨረሻ የተጻፈው ቁጥር 347፣ ባዶ የቀሩት ከ348 እስከ 350።
የቼክ ደብተር፣ ያልተጻፉ 11 ቼኮች።
ያልወጣ ቼክ አንድ፣ 1,200 ሸቀል።
ጥሬ ገንዘብ 650 ሸቀል፣ በፊታችን ተቆጥሮ።
የአባላት መዋጮ ዝርዝር፣ ያልከፈሉት ጭምር።
የቃለ ጉባኤ ደብተር 2፣ የቢሮ ቁልፍ 2።

በቼኮቹ ላይ ተጠንቀቁ። በአንዳንድ ማህበር ሁለተኛው ፈራሚ እንዳይጠራ ተብሎ ባዶ ቼክ አስቀድሞ ይፈረማል። እርስዎ ፈርመው የተዉት ባዶ ቼክ ካለ በርክክቡ ላይ በሁሉም ፊት ይሰረዝ፤ ቁጥሩም ይጻፍ። ከለቀቁ በኋላ በፊርማዎ ገንዘብ እንዳይወጣ መጀመሪያ የሚዘጋው በር ይህ ነው።

የተበላሸ ደረሰኝ ካለ ቀድዶ መጣል አይገባም፤ ተሰርዞ በደብተሩ ውስጥ ይቆያል። በኮምፒውተር ወይም በስልክ ያለ ዝርዝርም ይተላለፋል፤ የማህበሩ የባንክ የይለፍ ቃልም ይቀየራል። የአባላት የመታወቂያ ቁጥርና የቤተሰብ ዝርዝር በቤትዎ አይቅር። ለራስዎ የሚያስቀሩት የመልቀቂያውን ደብዳቤና ሦስታችሁም የፈረማችሁበትን የርክክብ ወረቀት ነው። እነዚህን አይጣሏቸው።

ከርክክቡ በኋላ

ሥራው ገና ሁለት ቦታ ይቀረዋል። አንደኛው ባንክ ነው። ባንኩ አብዛኛውን ጊዜ ማን እንደወጣና ማን እንደገባ የሚናገር የኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ይጠይቃል፤ አዲሱ ፈራሚም በአካል ይቀርባል። ሁለተኛው የዓሙታዎች መዝጋቢ፣ ራሻም ሃዓሙቶት፣ ነው። በኮሚቴው አባላት ላይ ለውጥ ሲኖር ዓሙታው በሁለት ሳምንት ውስጥ ለመዝጋቢው ማሳወቅ አለበት። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህ ነው፤ የለቀቀው ሰውም ስሙ እንዳልወጣ የሚያውቀው ችግር ሲመጣ ነው።

ስለዚህ ከለቀቁ ከአንድ ወር በኋላ ሊቀመንበሩን ደውለው ይጠይቁ፤ የማሳወቂያውን ቅጂም ይቀበሉ። ካልተላከ እርስዎ ራስዎ የመልቀቂያ ደብዳቤዎን ቅጂ በአጭር ማብራሪያ ለመዝጋቢው ይላኩ።

በመጨረሻ አንድ ነገር አይዘንጋ። መልቀቅ ከዚያ ቀን በኋላ ለሚሠራው ከመጠየቅ ያድናል እንጂ፣ በሥራ ላይ ሳሉ ለተሠራው መልስ ከመስጠት አያድንም። ጠያቂ ሲመጣ ያ የተፈረመበት ወረቀት በእጅዎ ካለ፣ መልሱ በሰው ትዝታ ላይ ሳይሆን በቁጥር ላይ ይቆማል።