ከዴንቨር በባቡር ለመጓዝ፦ የተያዘ መቀመጫ፣ ክፍት መቀመጫ ወይስ ቆሞ መሄድ?

በዓል ሲቃረብና ባቡሮች ሲጨናነቁ፣ ረዥም መንገድ የሚሄድ ሰው ትኬት ከመቁረጡ በፊት አንድ ነገር መለየት አለበት። የሚከፍለው ለመቀመጫ ነው ወይስ ለመሳፈር ብቻ? የተያዘ መቀመጫ ያለው ተሳፋሪ ስፍራው ይጠበቅለታል። ክፍት መቀመጫ ቀድሞ ለደረሰ ነው። የቁም ትኬት የቆረጠ ደግሞ መቀመጫ እንደማይሰጠው አውቆ ይሳፈራል።

በዴንቨርና በአውሮራ የሚኖር ሰው በአንድ ጉዞ ሁለት ዓይነት አሠራር ያጋጥመዋል። ከአውሮራ ፒዮሪያ ጣቢያ ወደ ዴንቨር ዩኒየን ስቴሽን የሚወስደው ‘ኤ ላይን’ የተሰኘው የከተማ ባቡር መቀመጫው ክፍት ነው፤ ከሞላ ተሳፋሪው ይቆማል። ከዩኒየን ስቴሽን ተነስቶ በኦማሃ በኩል ወደ ቺካጎ የሚሄደው የአምትራክ ‘ካሊፎርኒያ ዜፊር’ ግን ያለ ቦታ ማስያዣ አያሳፍርም። የቁም ትኬትም አይሸጥም።

ይሁንና በዚህ ባቡር ላይ ‘የተያዘ’ የሚለው ቃል ብዙዎች ከሚገምቱት የተለየ ትርጉም አለው። በተራው ማዕረግ ትኬቱ አንድ መቀመጫ እንደማይታጣ ዋስትና ይሰጣል እንጂ፣ አብዛኛውን ጊዜ የትኛው መቀመጫ እንደሆነ አይወስንም። ፉርጎውንና መቀመጫውን የሚደለድሉት ሠራተኞች ናቸው፤ ይህም የሚሆነው በመሳፈሪያው ሰዓት ነው። ባቡሩ ዴንቨር ሲደርስ ከምዕራብ የመጡ መንገደኞች ስላሉበት፣ ጎን ለጎን ያሉ ባዶ መቀመጫዎች ጥቂት ሊሆኑ ይችላሉ። ዘግይቶ የደረሰ ቤተሰብ መቀመጫ ባያጣም ተበታትኖ ሊቀመጥ ይችላል።

ለምሳሌ አንዲት እናት ከአረጋዊት እናቷ፣ ከሰባት ዓመት ልጇና ከአንድ ዓመት ተኩል ሕፃኗ ጋር ወደ ኦማሃ ትሄዳለች እንበል። ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን በነፃ ይጓዛል፤ ነገር ግን የራሱ መቀመጫ ስለሌለው በእቅፍ ነው የሚያድረው። ስለዚህ የምትቆርጠው ሦስት መቀመጫ ነው። መቀመጫዎቹ ከመተላለፊያው ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ሆነው የተደረደሩ በመሆናቸው፣ ሦስት ሰው አንድ ላይ ለመሆን መተላለፊያውን ተሻግሮ መቀመጥ ይኖርበታል። ሁሉንም በአንድ ትኬት ማስያዝ፣ ቀደም ብሎ ጣቢያ መድረስና ለሠራተኛው አብረው መሆናቸውን መንገር የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

የአያቲቱ ጉልበት ደካማ ከሆነ ሌላ ምርጫ አለ። ፉርጎዎቹ ባለ ሁለት ፎቅ ናቸው፤ ወደ ላይ የሚያወጣው ደረጃ ጠባብና ጠምዛዛ ነው። በታችኛው ፎቅ ጥቂት መቀመጫዎች ስላሉ፣ ትኬቱ ሲቆረጥ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ጉዳቱ ከፉርጎ ወደ ፉርጎ የሚታለፈው በላይኛው ፎቅ ብቻ መሆኑ ነው፤ ምግብ የሚያመጣላቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል።

ከመቀመጫው በላይ ሠራተኛው መውረጃውን የሚያመለክት ወረቀት ይሰካል። ለኦማሃ OMA፣ ለቺካጎ CHI ተብሎ ይጻፋል። ባቡሩ ምሽት ላይ ከዴንቨር ተነስቶ ኦማሃ የሚደርሰው ገና ሳይነጋ በመሆኑ፣ ሠራተኛው የሚወርዱትን የሚቀሰቅሰው ይህን ወረቀት እያየ ነው። ሳይነግሩት መቀመጫ የለወጡ መንገደኞች መውረጃቸው በእንቅልፍ ሊያልፋቸው ይችላል። ትልልቅ መስኮቶች ያሉት የመዝናኛ ፉርጎ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ሆኖም የተሰጠን መቀመጫ አይተካም።

ትኬቱ ተሸጦ ካለቀ ቆሞ መሄድ አይቻልም። ይህ ማለት ግን ባቡሩ በመንገዱ ሁሉ ሞልቷል ማለት አይደለም። መቀመጫ የሚሸጠው ከጣቢያ እስከ ጣቢያ ስለሆነ፣ መንገድ ላይ አንድ ክፍል ብቻ ቢሞላ የቺካጎው ትኬት ‘አልቋል’ ይላል፤ የኦማሃው ግን ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ አጠር ያለውን መንገድ፣ የማግስቱን ባቡር ወይም ዋጋው ከፍ ያለውን የመኝታ ክፍል መፈተሽ ተገቢ ነው። የደርሶ መልስ ትኬት የቆረጠ ሰው ደግሞ መሄጃውን ሳይሰርዝ ቢቀር፣ መመለሻውም ሊሰረዝበት ይችላል።

በሌሎች አገራት ያለው ልማድ ይለያል። በጀርመን ፈጣን ባቡሮች ትኬቱና የመቀመጫ ማስያዣው የተለያዩ ናቸው፤ መቀመጫ ያላስያዘ ሰው ይሳፈራል፣ ባዶ ካላገኘ ይቆማል። ያስያዘም ቢሆን ባቡሩ ከተነሳ በኋላ በ15 ደቂቃ ውስጥ ካልተቀመጠ መብቱ ይቀርበታል። በቻይና መቀመጫ ሲያልቅ የቁም ትኬት ይሸጣል፤ ዋጋው ግን ከዝቅተኛው የመቀመጫ ማዕረግ ጋር እኩል ነው። ቁመቱ ገንዘብ አያተርፍም፤ የሚያስገኘው በዚያው ቀን መድረስን ብቻ ነው። ለአንድ ሰዓት መንገድ ይህ በቂ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ሌሊቱን ሙሉ ሕፃን አቅፎ ለሚሄድ ግን ቀኑን መለወጥ ይሻላል።