የሞተር ዘይት መቀየሪያ ርቀት

የሞተር ዘይት መቀየሪያ ርቀት አንድ ተሽከርካሪ ዘይቱ ከተቀየረ በኋላ እንደገና እስኪቀየር ድረስ የሚሄደው ኪሎ ሜትር ወይም የሚቆይበት ጊዜ ነው። ርቀቱ ለሁሉም መኪና አንድ አይደለም። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ የሚመላለስ መኪናና በከተማው ውስጥ ብቻ የሚነዳ ተመሳሳይ መኪና እኩል ኪሎ ሜትር ቢሄዱም፣ የከተማው መኪና ዘይት ቀድሞ ይበላሻል።

የሰዓት ልዩነት

ኪሎ ሜትር ቆጣሪ የሚቆጥረው የጎማውን ጉዞ እንጂ ሞተሩ የሠራበትን ሰዓት አይደለም። በመንገድ መጨናነቅ ምክንያት በአማካይ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ታክሲ 5,000 ኪሎ ሜትር ለመሙላት 333 ሰዓት ያህል ሞተሩን ያሠራል። በሰዓት 75 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ግን ያንኑ ርቀት በ67 ሰዓት ይጨርሳል። ቆሞ የሚሠራ ሞተር ጫናው ቀላል ስለሆነ የዘይቱ ጉዳት አምስት እጥፍ ነው ማለት አይቻልም፤ ቢሆንም ቆጣሪው ይህን ልዩነት ጨርሶ አያሳይም።

የአጭር ጉዞ ጉዳት

አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ያህል ውሃ በእንፋሎት መልክ ይፈጠራል። አብዛኛው በጭስ ማውጫ ሲወጣ ጥቂቱ በፒስተን ቀለበቶች በኩል አልፎ ወደ ዘይቱ ይገባል። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ተጨማሪ ነዳጅ ስለሚረጭ ያልተቃጠለ ቤንዚንም አብሮ ይወርዳል። በረጅም ጉዞ ዘይቱ በደንብ ስለሚሞቅ ውሃውና አብዛኛው ቤንዚን ተንነው ይወጣሉ። በ3 ኪሎ ሜትር ጉዞ ግን ዘይቱ ሳይሞቅ ሞተሩ ይጠፋል። የሙቀት ጠቋሚው መሃል መድረሱ እዚህ ላይ ያሳስታል፤ እሱ የሚለካው የራዲያተሩን ውሃ ነው፣ ዘይቱ ደግሞ ከውሃው ዘግይቶ ይሞቃል።

ምልክቱ በዘይት መሙያው ክዳን ሥር የሚታይ ወተት የመሰለ ቅባት ነው። ቅባቱ ከረጅም ጉዞ በኋላ የሚጠፋ ከሆነ መንስኤው በአብዛኛው አጭር ጉዞ ነው። ካልጠፋና የራዲያተር ውሃ እየቀነሰ ከሄደ ግን የቴስታታ ጋስኬት መመርመር አለበት። ዘይት ሳይጨመር በመለኪያው ዘንግ ላይ ከፍ ብሎ ከታየና ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ደግሞ ነዳጅ ተቀላቅሎበታል። የዘይቱ መጥቆር ብቻውን የመበላሸት ማስረጃ አይደለም፤ በተለይ የናፍጣ ሞተር ዘይት ከተቀየረ ብዙም ሳይቆይ ይጠቁራል።

አወሳሰን

ብዙ የመኪና ማኑዋሎች ለመደበኛና ለከባድ አጠቃቀም የተለያየ ርቀት ይሰጣሉ። ተደጋጋሚ አጭር ጉዞ፣ ቆሞ መሥራትና አቧራማ መንገድ ከከባዱ ይመደባሉ፤ ርቀቱም ብዙ ጊዜ የመደበኛው ግማሽ ነው። ለምሳሌ ማኑዋሉ ለከባድ አጠቃቀም 5,000 ኪሎ ሜትር ወይም 6 ወር፣ ከሁለቱ የቀደመውን፣ የሚል ከሆነ፣ በወር 150 ኪሎ ሜትር ብቻ የሚነዳ ሰው ኪሎ ሜትሩን ለመሙላት 33 ወር ይፈጅበታል። ስለዚህ ዘይቱን ከነፊልትሮው የሚቀይረው 900 ኪሎ ሜትር ላይ፣ በ6ኛው ወር ነው።