ቅድመ ዕድሜ ጡረታ

ቅድመ ዕድሜ ጡረታ የመንግሥት ሠራተኛ ከ60 ዓመቱ በፊት በራሱ ፈቃድ የሚወጣው ጡረታ ነው። አዋጅ ቁጥር 714/2003 ይህን ፈቅዶ የነበረው 25 ዓመት ላገለገለና 55 ዓመት ለሞላው ነው። ለ10 ዓመት አገልግሎት የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ይታሰባል፤ ለሲቪል ሠራተኛ በእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። ቀድሞ የሚወጣ ሠራተኛ ጡረታ የሚያንሰው በቅጣት ሳይሆን ባልተሠሩት ዓመታት ምክንያት ነው።

ለምሳሌ 27 ዓመት ያገለገሉና አማካይ ደመወዛቸው 10,000 ብር የሆነ የቡሬ መምህር በ55 ዓመታቸው ቢወጡ 51.25 በመቶ፣ ማለትም በወር 5,125 ብር ያገኛሉ። እስከ 60 ቢሠሩ ደመወዛቸው ባይጨምር እንኳ 5,750 ብር ይሆን ነበር። መቶኛው በሚወጡበት ቀን ስለሚወሰን፣ 60 ሲሞላቸው የ625 ብሩ ልዩነት አይመለስም።