የቀዳዳውን አቅጣጫ ሳታውቅ ካርዱን የምታስገባው ሴት፦ በአንጎል ውስጥ ያሉት ሁለቱ የእይታ መስመሮች

በአውሮፓውያኑ 1988 አንዲት የ34 ዓመት ሴት ገላዋን በመታጠብ ላይ ሳለች፣ ከተበላሸ የውሃ ማሞቂያ በወጣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ተመርዛ ራሷን ሳተች። ሕይወቷ ቢተርፍም እይታዋ እንደ ቀድሞው አልሆነም። በጥናት ጽሑፎች ዲ.ኤፍ. በሚል ስያሜ የምትታወቀው ይህች ሴት ቀለም ትለያለች፤ የነገሮችን ቅርጽ ግን በማየት ብቻ መለየት ተሳናት። ይህ ጉዳት ቪዥዋል አግኖዥያ ይባላል።

ተመራማሪዎቹ ሜልቪን ጉዴልና ዴቪድ ሚልነር እንደ ፖስታ ሳጥን አፍ ያለ ጠባብ ቀዳዳ በተለያየ አቅጣጫ እያዞሩ አቀረቡላት። በእጇ የያዘችውን ካርድ ባለችበት ሆና ከቀዳዳው አቅጣጫ ጋር እንድታመሳስል ስትጠየቅ በግምት ታዞረው ነበር። ካርዱን እንድታስገባ ስትጠየቅ ግን እጇ ገና በመንገድ ላይ ሳለ በትክክል ይዞርና ካርዱ ይገባል።

ማብራሪያው የሚገኘው ከአንጎል የኋላ ክፍል በሚነሱ ሁለት መስመሮች ውስጥ ነው። ቬንትራል የተባለው የታችኛው መስመር በጆሮ አቅጣጫ ወደፊት ይሄዳል፤ ዶርሳል የተባለው ደግሞ ወደ አናት ይወጣል። የቀድሞ ተመራማሪዎች የመጀመሪያውን «ምንድን ነው?»፣ ሁለተኛውን «የት ነው?» ለሚሉት ጥያቄዎች መድበዋቸው ነበር። ጉዴልና ሚልነር በ1992 ይህን አሻሻሉት፦ የታችኛው ለማወቅ፣ የላይኛው ለማድረግ ነው አሉ። በዲ.ኤፍ. ላይ በዋናነት የተጎዳው የታችኛው ነው።

ይሁን እንጂ አንድ ታማሚ ብቻውን በቂ ማስረጃ አይሆንም፤ ካርድ ማስገባት ከማመሳሰል የቀለለ ሥራ ሊሆን ይችላልና። ጥርጣሬውን የሚያዳክመው ተቃራኒው ጉዳት፣ ኦፕቲክ አታክሲያ ነው። የላይኛው መስመር የተጎዳበት ሰው ስኒውን አይቶ ስኒ መሆኑን ይናገራል፤ ሊያነሳው ሲዘረጋ ግን እጁ ይስታል፣ ጣቶቹም ለስኒው መጠን አይከፈቱም። የእጅ ድካም አለመሆኑ የሚታወቀው የራሱን አካል ያለ ችግር ስለሚነካ ነው። ስህተቱ ይበልጥ የሚጎላው ዓይኑን ሌላ ቦታ ተክሎ ሲዘረጋ በመሆኑ፣ በቀጥታ እያየ ብቻ የተፈተነ ታማሚ ሳይታወቅ ሊያልፍ ይችላል።

በእኛ ግምት ይበልጥ የሚያስደንቀው የጊዜ ጉዳይ ነው። ዕቃው ከታየ በኋላ ተሰውሮ ዲ.ኤፍ. 2 ሰከንድ ብቻ ብትቆይ ጣቶቿ መጠኑን ይስታሉ። የኦፕቲክ አታክሲያ ታማሚ ግን ጥቂት ሰከንዶች ሲቆይ ይሻለዋል። የላይኛው መስመር አሁን ለሚታየው ብቻ ይሠራል፤ ያለፈውን ለማስታወስ እጅ ወደ ታችኛው ይዞራል።

ክርክሩ ግን አልተዘጋም። የዲ.ኤፍ. ጉዳት በአንድ መስመር ብቻ ያልተወሰነ መሆኑን የአንጎል ምስሎች አሳይተዋል። በ2012 የወጣ ጥናት ደግሞ የምታየው ዕቃ በመስታወት ነጸብራቅ ብቻ የሚታይ ሆኖ እጇ ምንም ሳይነካ ሲቀር፣ የጣቶቿ ትክክለኛነት እንደሚጠፋ አመልክቷል። ጉዴልና ባልደረቦቹ የሚመልሱት፣ ባዶ አየር መጨበጥ ከመጀመሪያውም እውነተኛ ጭበጣ አይደለም በማለት ነው።